የላሜራ ጌጅን ወደ ሚሊሜትር መቀየር፦ ሰንጠረዡ ለምን እንደሚለያይና እንዴት እንደማንሳሳት

"16 ጌጅ ስንት ሚሊ ነው?" ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለም። ጥቁር ላሜራ ከሆነ 1.52 ሚሊ ነው። ጋልቫናይዝድ ከሆነ 1.61፣ ስቴንለስ ከሆነ 1.59፣ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ 1.29 ነው። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ፈልጎ መጀመሪያ ያገኘውን ቁጥር ይወስዳል። ቆርጦ፣ አጥፎና በይዶ ሲጨርስ ክዳኑ አይገጥምም። ስህተቱ ያለው ስሌቱ ላይ ሳይሆን የተነበበው ሰንጠረዥ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት የሚመለከተው ከአሜሪካ የመጣ ድሮዊንግ ወይም የማሽን መመሪያ ይዘው በሚሊ ከሚሸጥ ሱቅ ላሜራ የሚገዙ ሰዎችን ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ ጌጅ ሌላ ጣጣ ስላለው ወደ መጨረሻው ለብቻው እመለስበታለሁ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

አጠገባችሁ እነዚህ ይኑሩ፦

- ድሮዊንጉ ሙሉውን፣ በተለይ ከታች በቀኝ በኩል ያለው የርዕስ ሳጥን። የማቴሪያሉ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው እዚያ ነው።
- ማይክሮሜትር። ከሌለ ዲጂታል ካሊፐር።
- ሚዛን፣ ሜትርና ካልኩሌተር።
- ትንሽ ማግኔት።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ላሜራው ይሳሳል። 20 ጌጅ ከ16 ጌጅ ይሳሳል። ይህን የሚገለብጥ ሰው ብዙ ነው።

## ደረጃ 1፦ ማቴሪያሉን ለዩ

ጌጁን ከማየታችሁ በፊት ማቴሪያሉን ፈልጉ። ድሮዊንግ ላይ የሚታዩት አጻጻፎች እንዲህ ያሉ ናቸው፦

- `CRS` ወይም `HRS`፦ ጥቁር ብረት። የመጀመሪያው በቅዝቃዜ፣ ሁለተኛው በሙቀት የተዳመጠ ነው። ሁለቱም አንድ ሰንጠረዥ ይጠቀማሉ።
- `GALV`፦ ዚንክ የተቀባ፣ ማለትም ጋልቫናይዝድ።
- `SS` ወይም `SST`፦ ስቴንለስ። ከጎኑ 304፣ 316 ወይም 430 ሊጻፍ ይችላል።
- `AL`፦ አሉሚኒየም። አንዳንዴ 5052 ወይም 6061 የሚል ቁጥር ብቻውን ይቀመጣል።

`16 GA` ብቻ ተጽፎ ማቴሪያሉ ካልተገለጸ ሥራውን አትጀምሩ። ድሮዊንጉን የላከውን ሰው ጠይቁ። ጥያቄያችሁ ግን "ስንት ሚሊ ነው?" የሚል ብቻ አይሁን። "ማቴሪያሉ ምንድነው፣ ውፍረቱስ በኢንች ወይም በሚሊ ስንት ነው?" በሉ። ሁለቱ መልሶች ካልተስማሙ ችግሩን በወረቀት ላይ እያለ ደረሳችሁበት ማለት ነው።

በእጃችሁ ያለው ናሙና ከሆነ ማግኔቱን አስጠጉ። አሉሚኒየም ፈጽሞ አይስብም። ጥቁር ብረትና ጋልቫናይዝድ በኃይል ይስባሉ። ስቴንለስ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 304 አይስብም፣ ወይም የታጠፈበት ቦታ ላይ ብቻ በጥቂቱ ይስባል፤ 430 ግን እንደ ተራ ብረት ይስባል። ስለዚህ "ሳበ፣ ስቴንለስ አይደለም" ብላችሁ አትደምድሙ።

## ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ዓምድ አንብቡ

ከታች ያለው ሰንጠረዥ በአሜሪካ የተለመደውን አሠራር በሚሊሜትር ያሳያል።

| ጌጅ | ጥቁር ብረት | ጋልቫናይዝድ | ስቴንለስ | አሉሚኒየም |
|---|---|---|---|---|
| 10 | 3.42 | 3.51 | 3.57 | 2.59 |
| 12 | 2.66 | 2.75 | 2.78 | 2.05 |
| 14 | 1.90 | 1.99 | 1.98 | 1.63 |
| 16 | 1.52 | 1.61 | 1.59 | 1.29 |
| 18 | 1.21 | 1.31 | 1.27 | 1.02 |
| 20 | 0.91 | 1.01 | 0.95 | 0.81 |
| 22 | 0.76 | 0.85 | 0.79 | 0.64 |
| 24 | 0.61 | 0.70 | 0.64 | 0.51 |
| 26 | 0.45 | 0.55 | 0.48 | 0.40 |
| 28 | 0.38 | 0.47 | 0.40 | 0.32 |

ናስ ከአሉሚኒየሙ ዓምድ ይነበባል። መዳብ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የጣሪያ መዳብ በአሜሪካ የሚጠራው በአንድ ካሬ ጫማ ክብደቱ ነው። `16 oz` የሚል ካያችሁ 16 ጌጅ ማለት አይደለም፤ ውፍረቱ 0.55 ሚሊ አካባቢ ነው።

ድሮዊንጉ ላይ `SWG` ከተጻፈ ይህን ሰንጠረዥ ተዉት። ያ የእንግሊዞች ቁጥር ነው፤ 16 በዚያ አቆጣጠር 1.63 ሚሊ፣ 18 ደግሞ 1.22 ሚሊ ነው። እዚያ ቁጥሩ ከማቴሪያል ወደ ማቴሪያል አይቀያየርም።

## ደረጃ 3፦ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በአንድ ቁጥር ሥሩት

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ምክንያቱን ያወቀ ሰው የተሳሳተ ሰንጠረዥ ሲያጋጥመው በዓይኑ ይለየዋል።

የብረት ጌጅ መነሻው ውፍረት ሳይሆን ክብደት ነው። በ1893 የአሜሪካ ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ የጌጅ ቁጥር የአንድ ካሬ ጫማ ላሜራ ክብደት ሰጠው። ለ16 ጌጅ የተሰጠው ክብደት 2.5 ፓውንድ ነው። ሦስቱ የብረት ዓምዶች የሚነሡት ከዚሁ 2.5 ፓውንድ ነው።

ስቴንለስ። የ1893ቱ ስሌት ያኔ የነበረውን ጥንታዊ ብረት ይከተላል፤ አንድ ካሬ ጫማ ስፋትና አንድ ኢንች ውፍረት ያለው 40 ፓውንድ ይመዝናል ተብሎ ተወሰደ። የስቴንለስ ሰንጠረዥ እስከ ዛሬ ይህንኑ ውፍረት ይዞ ቀርቷል።

```
2.5 ÷ 40 = 0.0625 ኢንች
0.0625 × 25.4 = 1.59 ሚሊ
```

ጥቁር ብረት። የዛሬው ብረት ከዚያ ይከብዳል፤ በአንድ ኢንች 40.8 ፓውንድ ነው። ሲዳመጥ ደግሞ ላሜራው መሐሉ ከጠርዙ ትንሽ ይወፍራል። ሲቆረጥም ከተባለው ስፋት ጥቂት ይተርፋል። ፋብሪካዎቹ ለዚህ ሁሉ 2.5 በመቶ ጨምረው 41.82 የሚል ቁጥር ያዙ።

```
2.5 ÷ 41.82 = 0.0598 ኢንች
0.0598 × 25.4 = 1.52 ሚሊ
```

ጋልቫናይዝድ። እዚህ የዚንኩ ድርሻ ተብሎ በካሬ ጫማ 2.5 አውንስ ይጨመራል። አንድ ፓውንድ 16 አውንስ ስለሆነ ክብደቱ 2.656 ፓውንድ ይሆናል።

```
2.656 ÷ 41.82 = 0.0635 ኢንች
0.0635 × 25.4 = 1.61 ሚሊ
```

አሁን ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱ። ጋልቫናይዝዱ በየረድፉ ከጥቁሩ ወደ 0.1 ሚሊ ይበልጣል፤ ላሜራው ይወፍርም ይሳሳም ጭማሪው ያው ነው። ስቴንለስ ግን ከጥቁሩ የሚበልጠው በመቶኛ፣ በ4.5 ገደማ ነው። ለዚህ ነው 10 ጌጅ ላይ ስቴንለሱ ከሁሉ ወፍሮ የሚገኘው። 28 ጌጅ ላይ ደግሞ ጋልቫናይዝዱ ይበልጠዋል። በረድፎቹ ላይ ይህ መገለባበጥ የማይታይበት ሰንጠረዥ ካጋጠማችሁ አንዱ ዓምድ ከሌላው ተቀድቶ የተጻፈ መሆኑን ጠርጥሩ።

አሉሚኒየም ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ክብደት ውስጥ አይገባም። የሚጠቀመው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚለካበትን የአሜሪካ ጌጅ ነው። እሱም ቀመር አለው፤ `n` የጌጁ ቁጥር ነው፦

```
0.127 × 92^((36 − n) ÷ 39)
```

16ን ስታስገቡ 1.29 ሚሊ ይመጣል። ይህ ቀመር ለብረት አይሠራም። ኢንተርኔት ላይ "ጌጅ አስገባ፣ ሚሊ ውሰድ" የሚሉና ማቴሪያል የማይጠይቁ ማስሊያዎች ውስጥ ይህ ቀመር ሊኖር ይችላል። ለማረጋገጥ 16 አስገቡና እዩ። 1.29 ካላችሁ ለአሉሚኒየም ብቻ ተጠቀሙበት።

## ደረጃ 4፦ ሱቅ ውስጥ ካለው ውፍረት ጋር አስታርቁ

1.61 ሚሊ የሚባል ላሜራ ሱቅ ሄዳችሁ አታገኙም። ያለው 1.5፣ ምናልባት 1.6፣ ከዚያም 2 ነው። የቱን እንደምትወስዱ የሚወስነው ቁራጩ የሚሠራው ሥራ ነው።

ጭነት የሚሸከም ከሆነ ወደ ላይ ሂዱ። ጠፍጣፋ ላሜራ ለመታጠፍ የሚያሳየው እምቢተኝነት ከውፍረቱ ኪዩብ ጋር ይሄዳል። 1.61 በሚለው ፈንታ 1.5 ብታስገቡ ይህ እምቢተኝነት 19 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 2 ሚሊ ብታስገቡ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ ክብደቱና ዋጋው ግን አብሮ ይጨምራል።

ሌላ ነገር ውስጡ የሚገባ ወይም የሚገጥም ከሆነ ልኩን እንደገና አስሉ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ድሮዊንጉ ከ16 ጌጅ አሉሚኒየም የሚታጠፍ የ"ዩ" ቅርጽ ይጠይቃል። የውጭ ስፋቱ 50 ሚሊ ነው። ውስጡ 47.2 ሚሊ ስፋት ያለው ሐዲድ ይንሸራተታል።

```
በትክክለኛው 1.29፦  50 − 2 × 1.29 = 47.42
በ1.5 ላሜራ፦       50 − 2 × 1.5  = 47.00
በ1.6 ላሜራ፦       50 − 2 × 1.6  = 46.80
```

በ1.29 ሐዲዱ 0.22 ሚሊ ክፍተት አግኝቶ ይንሸራተታል። "16 ጌጅ 1.6 ነው" ብሎ የገዛ ሰው ግን ሐዲዱን በመዶሻ እንኳ አያስገባውም። ያለው ላሜራ 1.5 ብቻ ከሆነ የውጭ ስፋቱን 50.42 አድርጉት፤ የውስጡ 47.42 ይመለሳል። ነገር ግን የውጩ ልክ ሌላ ክፍል ውስጥ የሚገባ አለመሆኑን መጀመሪያ አረጋግጡ።

ውፍረት ሲቀየር ጠፍጣፋው ላሜራ የሚቆረጥበት ልክም ይቀየራል፤ ምክንያቱም ማጠፊያው ላይ የሚበላው መጠን ከውፍረቱ ጋር ይሄዳል። ከድሮዊንጉ ጋር የመጣውን የመቁረጫ ልክ እንዳለ አትጠቀሙ። ከዚያው ላሜራ ትራፊ ላይ አንድ ማጠፊያ ሞክሩ፤ ለኩ፤ ከዚያ ሙሉውን ቁረጡ።

## ደረጃ 5፦ ከመክፈላችሁ በፊት ለኩ

ሻጩ የሚላችሁ ውፍረት የንግድ ስም ነው። ትክክለኛው ውፍረት ከፋብሪካ ሲወጣም ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል።

1. ማይክሮሜትሩን ዝጉና ዜሮ ማንበቡን እዩ።
2. ከጠርዙ ቢያንስ 10 ሚሊ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ለኩ። ጠርዙ ላይ መቁረጫው ያስነሳው ሹል ብረት አለ፤ ውፍረቱን በውሸት ያሳድገዋል።
3. በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ለኩ።
4. ዝገት፣ ቀለም ወይም የፕላስቲክ ሽፋን ካለ የምትለኩበትን ቦታ አጽዱ። ስቴንለስ ላይ ያለውን ፕላስቲክ መርሳት የተለመደ ስህተት ነው።

ካሊፐር ብቻ ካላችሁ መንጋጋው ላሜራውን ቀጥ ብሎ መያዙን ተከታተሉ። ትንሽ ካዘነበለ ወፍራም አድርጎ ያነባል።

ጋልቫናይዝድ ላይ የምታነቡት ብረቱንና ዚንኩን በአንድ ላይ ነው። `Z275` ወይም `G90` የተባለው ሽፋን በሁለቱ ገጽ ተደምሮ 0.04 ሚሊ ገደማ ይይዛል። ድሮዊንጉ የብረቱን ብቻ ውፍረት ከጠየቀ ይህን ቀንሱ። ለአብዛኛው የወርክሾፕ ሥራ ግን ጠቅላላው ይበቃል።

## ደረጃ 6፦ በሚዛን አረጋግጡ

መለኪያችሁን ካላመናችሁት ወይም ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሙሉውን ላሜራ መዝኑ። ሚዛን የመላውን ላሜራ አማካይ ውፍረት ይነግራችኋል።

```
ውፍረት በሚሊ = ኪሎ ÷ (ስፋት በካሬ ሜትር × ሲ)
```

"ሲ" ለጥቁር ብረትና ለጋልቫናይዝድ 7.85፣ ለ304 ስቴንለስ 7.93፣ ለአሉሚኒየም 2.7 ነው።

አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ጥቁር ላሜራ "1.5 ነው" ተብላችሁ ገዛችሁ እንበል። ስትመዝኑት 20 ኪሎ ሆነ።

```
20 ÷ (2 × 7.85) = 1.27 ሚሊ
```

ይህ 1.5 አይደለም። 1.5 ቢሆን ኖሮ 23.5 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ጥቂት መቶ ግራም መጉደል ያለ ነው፤ ሦስት ኪሎ ተኩል መጉደል ግን ሌላ ላሜራ ተሰጣችሁ ማለት ነው። ከመዘናችሁ በኋላ ርዝመትና ስፋቱንም በሜትር አረጋግጡ። ላሜራው ራሱ በሁለት ሳንቲ ካጠረ ስሌቱ ይዛባል።

## የጣሪያ ቆርቆሮ ላይ ስትደርሱ

እኛ አገር ቆርቆሮ "28 ጌጅ"፣ "30 ጌጅ"፣ "32 ጌጅ" እየተባለ ይሸጣል። ከላይ ያለውን የአሜሪካ ዓምድ እዚህ ላይ በጭፍን አትጠቀሙ። እንግሊዞች ለላሜራ ይጠቀሙበት የነበረ የበርሚንግሃም ጌጅ የሚባል ሌላ አቆጣጠር አለ። የሁለቱ ልዩነት እንዲህ ነው፦

| ጌጅ | የአሜሪካ ጋልቫናይዝድ | የበርሚንግሃም ላሜራ |
|---|---|---|
| 28 | 0.47 | 0.40 |
| 30 | 0.40 | 0.31 |
| 32 | 0.34 | 0.25 |

የአሜሪካው 30 እና የበርሚንግሃሙ 28 አንድ ውፍረት ናቸው። ስለዚህ በጌጅ ቁጥር ብቻ ሁለት ሻጮችን ማወዳደር አይቻልም። ለጣሪያ ሥራ ውል ስትጽፉ ቁጥሩን ከፈለጋችሁ ተዉት፤ ከጎኑ ግን ውፍረቱን በሚሊ አስጽፉ። "ከቀለም በፊት" የሚለውንም ጨምሩ።

ቆርቆሮ ስትለኩ ማዕበሉ ላይ ካሊፐር አታስጠጉ፤ ጉብታው ያሳስታል። ማዕዘኑ ላይ ትንሽ አስተካክላችሁ በማይክሮሜትር ለኩ። በሚዛን ከሆነ ደግሞ የቆርቆሮውን ስፋት ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትለኩ። ሜትሩን ማዕበሉን እየተከተላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሳርፉት። ለምሳሌ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ማዕበሉን ተከትሎ ስፋቱ 0.9 ሜትር፣ ክብደቱ 4.5 ኪሎ ቢሆን፦

```
4.5 ÷ (1.8 × 7.85) = 0.32 ሚሊ
```

"28" ተብሎ የተሸጠላችሁ ይህ ከሆነ ከላይ ካሉት የብረት ዓምዶች በየትኛውም 28 አይደለም።

## ነገሩ ሲበላሽ

የለካችሁት ቁጥር ሁለት ጌጅ መሐል ከወደቀ፦ መጀመሪያ ማቴሪያሉን እንደገና አረጋግጡ። 1.6 ሚሊ የሚያነብ ላሜራ 16 ጌጅ ጋልቫናይዝድ፣ 16 ጌጅ ስቴንለስ ወይም 14 ጌጅ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ከመነሻው በሚሊ የተሠራ፣ ምንም ጌጅ የሌለው 1.6 ላሜራ ነው። ከውፍረት ተነስቶ ወደ ጌጅ መመለስ ማቴሪያሉ ሳይታወቅ አይቻልም።

ድሮዊንጉ ላይ ጌጁና የኢንቹ ቁጥር ካልተስማሙ፦ ኢንቹን እመኑ፤ ላኪውንም ጠይቁ። የአሜሪካው የደረጃዎች ድርጅት ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም ራሱ ለስቴንለስ ባወጣው ደረጃ ላይ የጌጅ ቁጥር መጠቀም ያረጀና ሁሉም የማይስማማበት አጠራር መሆኑን ጠቅሶ እንዳይጠቀሙበት ይመክራል።

ሥራው በተሳሳተ ውፍረት ከተቆረጠ በኋላ ከደረሳችሁበት፦ ገና ካልታጠፈ የማጠፊያውን መስመር በአዲሱ ውፍረት አስልታችሁ ማዳን ይቻል ይሆናል፤ የሚወስነው ጠርዙ ላይ የተረፈው ብረት ነው። ከታጠፈ በኋላ መልሶ መዘርጋት ግን አይሞከር፤ በተለይ አሉሚኒየም ማጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል።

ብየዳው እየበሳ ካስቸገረ፦ 18 ጌጅ ጥቁር ብረት 1.21 ሚሊ መሆኑ ቀርቶ ሳስቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አምፔሩን ከመቀነሳችሁ በፊት ላሜራውን ለኩ። ጋልቫናይዝድ ከሆነ የብየዳውን መስመር ግራና ቀኝ ዚንኩን ፍቃችሁ አንሱና አየር በሚገባበት ቦታ በይዱ፤ የዚንክ ጭስ ሰውን ያማል።

ለሱቁ ትእዛዝ ስትጽፉ ይህን አጻጻፍ ተጠቀሙ፦ ማቴሪያል፣ ውፍረት በሚሊ፣ ስፋት በርዝመት፣ ብዛት። "ጋልቫናይዝድ፣ 1.6 ሚሊ፣ 1000 በ2000፣ 4 ፍሬ።" የጌጁን ቁጥር ከዚህ ወረቀት ላይ አውጡት።